ቀይ ኮት ለብሼ አስተናጋጅ ሆንኩ

ጣና ዳር፣ የዘመድ ሰርግ ላይ ነኝ። ገና ወንበር ሳልይዝ አንዲት እናት ኮቴን ሳብ አድርገው «የኔ ልጅ፣ አንድ ውሃ፣ ቀዝቃዛ ይሁን» አሉኝ። አመጣሁላቸው፤ ምን ላድርግ! አጠገባቸው ያሉት አባት ደግሞ «እዚህም ሁለት» አሉ። ዘወር ስል እውነተኛው አስተናጋጅ ትሪውን ይዞ ቆሟል፦ ቀይ ሰደርያ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ቢራቢሮ ክራቫት። ከትሪው በቀር ምኑም ከእኔ አይለይም።

ልብስ ሰፊ እህቴ ሳቋን ስትጨርስ «ማታ ነው የገዛኸው አይደል?» አለችኝ። አወቀችብኝ። አብዛኛው ርካሽ ነጭ አምፖል ቀይ ብርሃን ስለሚያንሰው፣ ደማቁን ቀይ አደብዝዞ ያሳያል። ሱቅ ውስጥ ጨዋ የመሰለኝ ኮት የባሕር ዳር ፀሐይ ሲያገኘው እሳት ሆነ። ቀይ ልብስ ደጅ አውጥቶ አገጭ ሥር መያዝ ነው፤ ፊትን ካቀላ ለላይ አይሆንም፣ ለታች ይሻላል።

ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ጎተተችኝና አንድ ቲማቲምና አንድ ቀይ ሽንኩርት እጅጌዬ ላይ አስጠጋች። (ሽንኩርት ከታፊዎቹ ምን እንዳሰቡ አልጠየቅኩም።) ኮቴ ወደ ቲማቲሙ አደላ። ቲማቲም ቀይ ከክሬምና ከቡኒ ጋር ይስማማል። ወደ ሽንኩርቱ ቢያደላ ኖሮ ግራጫ ትመርጥልኝ ነበር።

ቤቴ ቅርብ ስለሆነ ሮጬ ቀየርኩ። በጥቁሩ ሱሪ ፈንታ ጥቁር ሰማያዊ፣ በነጩ ሸሚዝ ፈንታ ክሬም፣ በጥቁሩ ጫማ ፈንታ ቡኒ። ድፍን ጥቁርና በረዶ የመሰለ ነጭ ከደማቅ ቀይ ጋር ሲሆኑ ሦስቱም እኩል ስለሚጮኹ ሰውየው ይጠፋና ዩኒፎርሙ ይቀራል። ጥቁር ሰማያዊ ግን ጨለማም ቢሆን ቀለም አለው፤ ቀዩን አይገፋውም። ክሬሙ ደግሞ አንገት ላይ የነበረውን ነጸብራቅ ያበርደዋል። ቀዩን መሐረብና ቀዩን ካልሲም አስወለቀችኝ፤ ኮቱ ብቻውን በቂ ቀይ ነው፣ ሌላው ቦታ ሲደገም ታቅዶበት የተለበሰ ያስመስላል። አረንጓዴ ክራቫት ላስር ስል «ቢጫ ጨምርበትና እንሰቅልሃለን» አለች።

ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ስትጠልቅ ተመለስኩ። ሲመሽ ዓይን አስቀድሞ የሚያጣው ቀይን ነው፤ ኮቴ ጥቁር ሊመስል ምንም አልቀረው። የቅድሟ እናት ጎናቸው አስቀመጡኝና ግራ ቀኝ እያዩ «ያ ቀይ የለበሰው አስተናጋጅ የት ገባ? ጉርሻ ልሰጠው ነበር» አሉኝ።