«አየት ያድርጉልኝ»

ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስልኬን ስከፍት ከማላውቀው ሰው መልእክት ደርሶኝ ነበር። «ጤና ይስጥልኝ። የአርትዖት ባለሙያ መሆንዎን ከአንድ ወዳጄ ሰምቼ ነው። የጻፍኩትን ልብ ወለድ አየት ያድርጉልኝና አስተያየትዎን ይንገሩኝ። የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ከየት እንደሚወጣም ቢጠቁሙኝ ደስ ይለኛል። ብዙ ጊዜ አልወስድብዎትም።» ከሥሩ ባለ 212 ገጽ ፋይል ተያይዟል።

ሰውየው ሊያታልለኝ ፈልጎ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው ልብ ወለድ ማንበብ መዝናኛ ነው። እኔ ግን የሰው ድርሰት አስተያየት ልሰጥበት ሳነብ በሰዓት ከስድስት ገጽ አልዘልም። የጎደለውን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደጎደለ መጻፍ አለብኝ፤ ገጽ 40 ላይ የሞተች ላም ገጽ 120 ላይ ስትታለብ ባገኝ ወደ ኋላ ተመልሼ ማረጋገጥ አለብኝ። በዚህ ስሌት 212 ገጽ 35 ሰዓት ይፈጃል። ከሥራና ከቤት የምትተርፈኝ በማታ አንድ ሰዓት ተኩል ናት። አየት የማድረጉ ዋጋ 24 ማታ ነው ማለት ነው።

ድሮ ቢሆን «እሺ፣ አያለሁ» ብዬ እተኛ ነበር። ያንን ቃል ያስተወኝ ደሴ የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግለ ታሪካቸውን በእጅ ጽፈው፣ በሰው አስተይበው፣ በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው ላኩልኝ። አላውቃቸውም፤ ስልኬን ያገኙት ከሰው ነው። እምቢ ማለት ነውር መስሎኝ «አየዋለሁ አባባ» አልኳቸው። በእንቁጣጣሽ ደውለው እንኳን አደረሰሽ አሉኝ። በገና ደወሉ። በጥምቀት ደወሉ። አንድም ቀን ስለ ጽሑፉ አላነሡም፤ የልጆቼን ጤና ጠይቀው፣ መርቀው ይዘጋሉ። እኔም በደወሉ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል፤ ከረጢቱ ግን ከመደርደሪያው ላይ አልወረደም። ከፋሲካ በኋላ ሲደውሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ካልቻልሽ እኮ ለሌላ ሰው እሰጠው ነበር» አሉኝ። ስምንት ወር ሙሉ ያስጠበቅኋቸው ይሉኝታ ይዞኝ ነው። በመጀመሪያው ቀን «አልችልም» ብላቸው ኖሮ ለአንድ ምሽት ቅር ይላቸው ነበር፤ በማግሥቱ ሌላ ሰው ይፈልጉ ነበር።

በኋላም ሌሎች መንገዶችን ሞክሬ አይቻለሁ። አሞኛል ብዬ የመለስኩለት ሰው በሳምንቱ «ተሻለዎት?» ብሎ ከልቡ ሲጠይቀኝ የምገባበት ጠፋኝ። «ለጊዜው አልተመቸኝም» ያልኳት ልጅ ለጊዜው የሚለውን ቃል እንደ ቀጠሮ ይዛ በወሩ መጣች፤ ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ወዳጆቼ «ዋጋ ንገሪው፣ ራሱ ይተወዋል» ይሉኛል። እሱንም አልወደድኩትም። ጊዜው በእርግጥ ከሌለኝ ሰውየው «እሺ፣ እከፍላለሁ» ቢለኝ ሌላ ሰበብ ልፈልግ ነው። ዋጋ የምናገረው ሥራውን ልወስደው ስፈልግ ብቻ ነው።

ስለዚህ ትናንት ሳላድር ለመመለስ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያ የጻፍኩት ረጅም ነበር፤ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠይቄ፣ የልጆቼን ትምህርት ቤት አንሥቼ፣ «ምናልባት ከበዓል በኋላ» የሚል ጨምሬበት ነበር። ሳነበው ልመና መሰለኝ። ምክንያት በበዛ ቁጥር ጠያቂው በእያንዳንዱ ላይ መፍትሔ ሊያመጣልኝ ይችላል፤ ልጆቹ ሲተኙ ያንብቡት ቢለኝ ምን እላለሁ? አጠፋሁትና እንደገና ጻፍኩ፦

«ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ድርሰትዎን አምነው ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ሙሉውን ግን ማንበብ አልችልም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን የሚያህል ድርሰት በሚገባ ለማንበብ ከ30 ሰዓት በላይ ይወስድብኛል፤ ከሥራዬ የሚተርፍ ያን ያህል ጊዜ የለኝም። ከመሐል ሦስት ተከታታይ ገጾች መርጠው ቢልኩልኝ እነሱን አንብቤ እስከ ቅዳሜ አስተያየቴን እጽፍልዎታለሁ። የመለያ ቁጥሩን የሚጠይቁት ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ወመዘክርን ነው። መልካም ይግጠምዎ።»

እምቢታዬ ከምስጋናው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ሰውየው እስከ መጨረሻው ድረስ በጉጉት እንዲያነብ አልፈለግሁም። ምክንያቱ አንድ ነው፣ እውነትም ነው።

ሦስት ገጽ ያልኩት ለማባበያ አይደለም። ሃያ ዓመት ያህል የሰው ጽሑፍ ሳርም የተማርኩት፣ የአንድ ጸሐፊ ስሕተት ብዙ ዓይነት እንደሌለው ነው። አራት ወይም አምስት ልማድ አለው፤ እነሱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይደጋግማል። ሦስት ገጽ ላይ ያሉትን ምልክት ባደርግለት፣ የቀሩትን 209 ገጾች በራሱ እጅ ሊያርማቸው ይችላል። ከመሐል ያልኩበትም ምክንያት አለኝ። መጀመሪያውን ምዕራፍ ሁሉም ሰው አሥር ጊዜ ያሸዋል፤ ለወዳጅ የሚያነበውም እሱን ነው። ጸሐፊው እንደ ልማዱ የሚጽፈው ደከም ሲለው፣ መሐል ላይ ነው።

ጠዋት መልሱ መጣ። ቅሬታ አልነበረበትም። (ያለበትም ያጋጥመኛል፤ አንድ ጊዜ «ለወገን ሦስት ሰዓት መስጠት ያቅታል?» የተባልኩበትን መልእክት ዝም ብዬ አለፍኩት። ሦስት ሰዓት አልነበረም።) ከገጽ 97 እስከ 99 ልኮልኛል፤ ማታ ቡናዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ጸሐይ በገጽ 97 በጸሎቱ ጸ፣ በገጽ 98 በፀሐዩ ፀ ተጽፋለች፤ የዋናው ገጸ ባሕርይ ስምም አንዴ ዓለሙ፣ አንዴ አለሙ ነው። አንዱን መርጦ በፋይሉ ውስጥ በፍለጋ እንዲያስተካክል ጻፍኩለት። ከዚያ የሚከብደው ልማዱ አለ፦ «ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ጋዜጣውን አንሥቶ፣ አየት አድርጎ፣ አጣጥፎ፣ ተነሣ።» እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በሦስቱ ገጾች ውስጥ ሰባት ቦታ አገኘሁ። ሁሉም ድርጊት እኩል ሲሰለፍ አንባቢ የትኛው እንደሚያሳስበው አያውቅም። አንዱን ቆርጬ አሳየሁት፦ «ጋዜጣውን አጣጥፎ ተነሣ። አላነበበውም።» የቀሩትን ስድስት ራሱ እንዲሞክራቸው ተውኳቸው።

ገጽ 99 ላይ እናቱ ቡና ስትቆላ በጢሱ ውስጥ ፊቷ የሚጠፋበትና የልጇን ደብዳቤ በእጅዋ እየዳበሰች፣ ማንበብ ስለማትችል፣ የወረቀቱን ውፍረት የምትለካበት አንቀጽ አለ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ፊደል አልነካሁበትም። ዳር ላይ «ይህችን እንዳለች ይተዉአት» ብዬ ጻፍኩ። ከተቀመጥኩ 50 ደቂቃ ሆኖ ነበር፤ ፋይሉን ላክሁለትና መብራቱን አጠፋሁ።