«ሂንዱው የት ሄደ?» የሐፌዝን አንድ ቤት ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ ያጠፋሁት

ፋርስኛ ሦስት ዓመት በማታ ትምህርት ተማርሁ። ቀዝቪኒና ቀኒ በ1941 ያሳተሙትን የፋርሱን ገጣሚ የሐፌዝን ዲቫን፣ ማለትም የግጥሞቹን ስብስብ፣ ገዛሁ፤ የሽታይንጋስን መዝገበ ቃላት ከቤተ መጻሕፍት ተዋስሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እስከዚህ ድረስ የሚያስቸግር ነገር አልነበረም፤ መከራዬ የጀመረው በዚች ቤት ነው፦

አገር አን ቶርኬ ሺራዚ ቤ ደስት አረድ ዴሌ ማ ራ
ቤ ኻሌ ሄንዱየሽ በኽሸም ሰመርቀንድ ኦ ቦኻራ ራ

ቃል በቃል ሲፈታ «ያ የሺራዝ ቱርክ ልባችንን በእጁ ቢያስገባ፣ ለሂንዱ ኻሉ ሳማርካንድንና ቡኻራን እሰጣለሁ» ማለት ነው። ኻል እኛ ማርያም የሳመችው የምንላት ዓይነት የፊት ነጥብ ናት። ሂንዱ መባሏ ስለ ጥቁረቷ ነው። «በእጁ» ያልሁት አማርኛ ጾታ ሳይለይ መናገር ስለማይችል እንጂ ፋርስኛው ወንድ ይሁን ሴት አይናገርም።

ፋርሶች የሁለት ስንኝ ጥንዱን «ቤይት» ይሉታል፤ ቤት ማለት ነው። እያንዳንዱን ስንኝ ደግሞ «ሜስራ» ይሉታል፤ የባለ ሁለት መዝጊያ በር አንዱ መዝጊያ ማለት ነው። እኛም ግጥም ቤት መታ ስለምንል ነገሩ ቶሎ ገባኝ። ልብ ብዬ መያዝ የነበረብኝ ግን መዝጊያውን ነበር። የመጀመሪያው ስንኝ «ቢሆን» ብሎ በሩን ገርበብ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው «እሰጣለሁ» ብሎ ይዘጋዋል።

የግጥሙን ዘጠኝ ቤቶች መጀመሪያ በቀላል ስድ ንባብ ተርጉሜ ለአንድ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላክሁ። አዘጋጁ ወደደውና «የእንግሊዝኛ አንባቢ የምሥራቁን ግጥም ቤት ሲመታ ካልሰማ ግጥም መሆኑን አያምንም፤ ምጣኔውንም ቤት መምቻውንም ጠብቀህ መልሰው» ሲል ጻፈልኝ። ስሠራ ከነበርሁበት የትርጉም ዐውደ ጥናት የተሰጠን መመሪያም ምስሉን፣ ምጣኔውንና ቤት መምቻውን እኩል እንድንይዝ የሚያዝ ነበር። ሁለቱንም አመንሁ። አምስት ወር አጠፋሁበት፤ ዛሬም ሳስበው እበሳጫለሁ።

በምጣኔው ልጀምር። የዚህ ግጥም ምጣኔ ሀዘጅ ይባላል። እያንዳንዱ ስንኝ ዐሥራ ስድስት ቀለም አለው፤ አንድ አጭር ከዚያ ሦስት ረጅም፣ ይህም አራት ጊዜ ይደጋገማል፦ አ-ገር-አን-ቶር፣ ኬ-ሺ-ራ-ዚ። ፋርስኛ የሚመዝነው የቀለሙን ርዝመት ነው። እንግሊዝኛ ግን ጆሮው የሚያነሣው ጫና ያረፈበትን ቀለም እንጂ የረዘመውን አይደለም። እኔ ዐሥራ ስድስቱን ቀለም ቆጥሬ አንዱን ላላ አንዱን ጠበቅ እያደረግሁ ሞላሁት። የእንግሊዝኛ ጆሮ ደግሞ ዐሥራ ስድስት ቀለም ሲሰማ ወዲያው ስምንት በስምንት ይከፍለዋል፤ የሕፃናት መዝሙር ይሆናል። ሁለት መዝጊያ የነበረው በር አራት ትናንሽ መስኮት ሆነ። በዚያ ላይ የእንግሊዝኛ ቃላት አጫጭር ስለሆኑ ሐፌዝ በዐሥራ ስድስት ቀለም ያለው በዐሥራ አንድ ወይም በዐሥራ ሁለት ያልቃል። የተረፈውን ክፍተት «ጣፋጭ»፣ «ወርቃማ»፣ «ያማረ» በሚሉ ቅጽሎች ደፈንሁት።

ከምጣኔው ይልቅ ያጠፋኝ ቤት መምቻው ነው። ፋርስኛው በዘጠኙ ቤቶች መጨረሻ ሁሉ «አ ራ» ይላል፦ ቦኻራ ራ፣ የግማ ራ፣ ዚባ ራ። «ራ» የተሳቢ ምልክት ናት፤ በእኛ ቋንቋ «ቡኻራን» ስንል መጨረሻ ላይ እንደምናስገባት «ን» ማለት ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ምልክት ስለሌለው ሌላ ቤት መምቻ መፈለግ ነበረብኝ። «ሳማርካንድ» የሚለውን የከተማ ስም ሳየው «ሃንድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ ማለትም እጅ፣ ራሱ መጥቶ ተቀመጠልኝ። ፋርስኛውም ውስጥ «ደስት» አለ፤ እጅ ነው። እግዚአብሔር የሰጠኝ መሰለኝ።

ስሕተቱ ያለው እዚያው ላይ ነው። «ቤ ደስት አረድ» ማለት አገኘ፣ የራሱ አደረገ ማለት ነው፤ ልብ ሲጨመርበት ደግሞ ወዳጅ ማድረግ፣ ማስደሰት ይሆናል። እኛም «ገንዘብ በእጁ አስገባ» ስንል ማንም ጣትና መዳፍ አያስብም። በገዛ ቋንቋዬ የማውቀውን ነገር ቤት ለመምታት ስል ዘነጋሁትና ልብን በመዳፉ የያዘ ሰው ሣልሁ። ሐፌዝ ያልሣለውን ሥዕል ማለት ነው። እጁ ከመጣ በኋላ መዳፉን የሚገልጽ ቅጽል አስፈለገ፤ ቅጽሉ ከገባ በኋላ ለሂንዱ ኻል ቦታ ጠፋ። «ጥቁር ነጥብ» ብዬ አሳጠርኋት። ቱርኩንም «አንቺ ቆንጆ» አልሁት፤ ሴት ነች ብሎ የወሰነልኝ ሰው ግን አልነበረም።

በኋላ ስመለከት በዚህ ወጥመድ የወደቅሁት እኔ ብቻ አልነበርሁም። ዊልያም ጆንስ ይህችን ቤት በ1771 ሲተረጉም ሁለቱን ስንኝ ስድስት አድርጓቸዋል፤ ቱርኩም ኻሏም ጠፍተው በምትካቸው ጽጌረዳ ጉንጭና ነጭ እጅ ገብተዋል፤ እጁም ቤት የሚመታው ከሳማርካንድ ጋር ነው። ገርትሩድ ቤል በ1897 ቱርኩንና ነጥቧን ጠብቃለች፤ ሂንዱው ግን የለም፣ «ሃንድ» እና «ሳማርካንድ»ም በቦታቸው አሉ። ሦስታችንንም የጎተተን ያው አንድ ድምፅ ነው።

ትርጉሙ ታትሞ በወጣ በሁለተኛው ወር፣ በያልዳ ሌሊት፣ መምህሬ ቤት ተጋበዝሁ። ያልዳ ፋርሶች የዓመቱን ረጅሙን ሌሊት ሮማንና ሐብሐብ እየበሉ፣ ዲቫኑን እየገለጡ የሚያሳልፉበት በዓል ነው። መጽሔቱን ይዤ ነበርና አንብብ አሉኝ። አነበብሁ። አንድ የሺራዝ ተወላጅ ሽማግሌ ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ ፋርስኛውን በቃላቸው ቀስ ብለው አሉት፤ ከዚያ በአውራ ጣታቸው የሮማን ፍሬ እየፈለቀቁ «ልጄ፣ ሂንዱው የት ሄደ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ቱርኩስ? ሦስተኛው ቤት ላይ ማን ሊዘርፍ ነው?» አሉ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ። በፋርስ ግጥም ቱርክ ነጭና መልከ መልካም፣ ግን ዘራፊ ነው፤ ሂንዱ ደግሞ ጥቁርና አገልጋይ። ሐፌዝ በአንድ ፊት ላይ ሁለቱን አገናኛቸው። ሳማርካንድና ቡኻራ በቱርኮች ምድር ያሉ ከተሞች ናቸው፤ እነርሱን ነው ለቱርኩ ነጥብ የሚሰጠው። አራቱ ስሞች እርስ በርስ የተያዙ ናቸው። በሦስተኛው ቤት ደግሞ ከተማ የሚያውኩ ቆንጆዎች «ቱርኮች የግብዣን ማዕድ እንደሚዘርፉ» ትዕግሥቴን ከልቤ ወሰዱ ይላል። የመጀመሪያውን ቱርክ «ቆንጆ» ብዬ ስለሰረዝሁት ያ ዝርፊያ ከየት እንደመጣ የእኔ አንባቢ ሊያውቅ አይችልም።

በማግስቱ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥሁ። በእንግሊዝኛዬ ውስጥ ካለው ቃል ሁሉ በፋርስኛው ምንጭ የሌለውን አሰመርሁበት። በመጀመሪያዋ ቤት ብቻ ዘጠኝ ሆነ። ይህን ፈተና ለማንም እመክራለሁ፤ በአንድ ቤት ከሁለት በላይ ቃል ከተሰመረበት ግጥሙን እየጻፈ ያለው ቤት መምቻው ነው እንጂ ገጣሚው አይደለም።

አሁን የምሠራበት መንገድ ከዐውደ ጥናቱ መመሪያ ጋር አይስማማም። ሦስቱን እኩል መያዝ አይቻልም፤ የሚሞክር ሰው በየመስመሩ ሳያውቀው ይመርጣል፣ ብዙ ጊዜም ለቤት መምቻው ያደላል። ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት የትኞቹ ምስሎች በኋላ ቤት ተመልሰው እንደሚመጡ ጽፌ እይዛለሁ። እነዚያ አይነኩም። ሁለተኛ የምጠብቀው መዝጊያዎቹን ነው፤ አንድ ስንኝ አንድ መስመር። ምጣኔውን ሙሉ በሙሉ ትቼዋለሁ። ቤት መምቻውን ደግሞ ወደ አንድ አናባቢ አሳንሼዋለሁ፦ የመጀመሪያው መስመር በ«ሃርት» ያልቃል፣ ልብ ማለት ነው፤ ሁለተኛው በ«ቡኻራ»። ረጅሟ «ኣ» ከፋርስኛው ተርፋ በሁለቱም መጨረሻ ላይ ትሰማለች፤ እርሷን ለማምጣትም አንድ ቃል ከቦታው አላነሣሁም። ከዘጠኙ ቤቶች በአምስቱ ሠርታለች፤ በአራቱ ስላልመጣች አላስገደድኋትም።

አዲሱ እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ያ የሺራዝ ቱርክ ልቤን ቢያሸንፍ፣ ለዚያች ሂንዱ ነጥብ ሳማርካንድንና ቡኻራን እሰጣለሁ» ይላል። በእንግሊዝኛው «የእሱ» ወይም «የእሷ» የሚል ቃል የለም፤ «ያ» እና «ያች» ያልሁት በእንግሊዝኛው አንድ ቃል ነው፣ በእርሱ ጾታው ሳይነገር ያልፋል። ሂንዱ የሚለው ቃል ለዛሬ አንባቢ ሃይማኖት መስሎ እንዳይታየው ከግጥሙ በፊት ሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፍሁ። ከግርጌ ግን ማስታወሻ አላስገባም፤ ዐይን ወደ ታች ወርዶ እስኪመለስ በሩ ተዘግቶ ያልቃል።

ለመጽሔቱ አዘጋጅ እርማት እንዲያወጣ ጻፍሁለት። በትርጉም ሥራ እርማት አናወጣም አለኝ። የመጀመሪያው እትም በስሜ እንደታተመ ይኖራል፤ ይህ እስካሁን ይከነክነኛል።

ያልተፈታልኝ ዘጠነኛው ቤት ነው። ሐፌዝ ለራሱ «ዕንቁ በሳህ» ይልና ሰማይ የሰባቱን ከዋክብት ሐብል በ«ነዝምህ» ላይ እንደሚበትን ይናገራል። ነዝም ግጥምም ነው፣ ዕንቁ በክር መሰካትም ነው። በእንግሊዝኛ ሁለቱን በአንድ ቃል የሚይዝ አላገኘሁም፤ ዐሥራ አንድ ረቂቅ ጽፌ ሁሉንም ጥያለሁ። በአማርኛ ግን ገና ሳነበው «ደረደርህ» ብዬ ተርጉሜዋለሁ፤ ዶቃም ይደረደራል፣ ስንኝም ይደረደራል።