ከማንኪያ ወደ ሲሪንጅ፦ በመድኃኒት ቤታችን ያዋጣን የፕላስተር ዘዴ

የልጆች ሽሮፕ ስንሰጥ ካርቶኑ ላይ «1 የሻይ ማንኪያ በቀን 3 ጊዜ» ብሎ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። እኛ አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው ብለን እንቆጥራለን፤ ቤት ያለው ማንኪያ ግን በዚህ ስሌት አልተሠራም። እናቶች የሚጠቀሙበትን ማንኪያ ይዘው ሲመጡ በሲሪንጅ ውኃ እየሞላሁ እለካዋለሁ። አንዱ 3 ሚሊ ሊትር ሳይገባበት ይፈሳል፣ ሌላው 6 አልፎም ቦታ ይተርፈዋል። የሾርባ ማንኪያ በስህተት ከተነሣማ የታዘዘው ሦስት እጥፍ ሊሆን ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው «ግማሽ ማንኪያ» የሚባለው ነው። ማንኪያ ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ እስከ ጥልቀቱ እኩሌታ ቢሞላ የሚይዘው ግማሹን ሳይሆን ሩቡን ያህል ነው። ግማሽ ማንኪያ አንቲባዮቲክ የታዘዘለት ሕፃን ከሚገባው ግማሹን ብቻ ወስዶ «መድኃኒቱ አልሠራለትም» ሊባል ይችላል።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። 8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን አተኩሶታል፤ ያለን የፓራሲታሞል ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም የያዘው ነው። ለአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ስለሚሰጥ፣ ለዚህ ልጅ ከ80 እስከ 120 ሚሊ ግራም ይሆናል። 4 ሚሊ ሊትር 96 ሚሊ ግራም ስለሆነ መሐሉ አካባቢ ይውላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ አይበልጥም። ይህን 4 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ምን ብዬ ላስረዳ? «ከሙላት ትንሽ ጎደል አድርጊው» ማለት መለኪያ አይሆንም።

ለአፍ ተብሎ የተሠራው ሲሪንጅ እኛ ጋ ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ባለ 5 ሚሊ ሊትሩን የመርፌ ሲሪንጅ እንጠቀማለን። መርፌውን እዚያው ነቅዬ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ እጥላለሁ፤ ክዳኑንም አልሰጥም፣ ሕፃን ጉሮሮ ውስጥ ሊሰነቀር ይችላልና። «ልጄን ልትወጉት ነው እንዴ?» ብላ የምትደነግጥ እናት አትጠፋም። ክትባት የሚያስታውስ ልጅም ሲያየው ያለቅሳል፤ ውኃ ሞልቶ እንዲጫወትበት ከተሰጠው ግን ቶሎ ይለምደዋል።

ለማስተማር ስንነሣ «ገባሽ?» ብሎ መጠየቅ ትርፍ የለውም፤ ገባኝ የማይል የለም። ውኃ በሲኒ አቅርቤ «እስቲ አሁን አንቺ አሳዪኝ» እላለሁ። ስህተቱ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ጥቁሩ ጎማ ሁለት ጠርዝ አለው፤ ትክክለኛው ንባብ ወደ ጫፉ በኩል ያለው ነው። በኋለኛው ጠርዝ የሚለካ ሰው 4 ሞላሁ እያለ 3 ሚሊ ሊትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ጥቃቅኖቹ መስመሮችም ለብዙ ሰው አይታዩም።

ቁጥሩን በእስክሪፕቶ ማክበብ አያዋጣም፣ ሲታጠብ ይለቃል። የተሻለው ነጭ ፕላስተር ነው። ጠርዙን 4 ላይ አድርጌ ከዚያ ወደ እጀታው በኩል ያለውን እጠቀልለዋለሁ። መመሪያው አጭር ይሆናል፦ «ጥቁሩ ጎማ ፕላስተሩ ሥር ሙሉ በሙሉ ሲደበቅ አቁሚ።» ማንበብ አያስፈልግም፤ የሁለቱ ጠርዝ ጣጣም አብሮ ይቀራል። የአየር አረፋ ከታየ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ በጣት መታ መታ ማድረግ፣ አየሩን ገፍቶ ማስወጣት፣ የጎደለውን መልሶ መሳብ ነው።

አንድ አያት «ልጆቼን ሁሉ በማንኪያ ነው ያሳደግኋቸው» ብለውኝ ነበር። «እማማ፣ ልጅቷ ሥራ ስትውል የሚሰጡት እርስዎ አይደሉም? እርስዎ ያሳዩኝ» አልኳቸው። ጎማውን ደብቀው አረፋውን አስወጥተው ሲጨርሱ «ይሄማ ከማንኪያ ይቀላል፣ አይደፋም» አሉ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው ቤት ውስጥ ማን እንደሚሰጠው ነው፤ ሠራተኛዋ ከሆነች እሷ ብትመጣ ይሻላል።

አሰጣጡን በተመለከተ፣ ልጁ ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ የሲሪንጁ ጫፍ ወደ ጉንጩ ውስጥ ይዙር፣ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ እስኪውጥ ይጠበቅ። ጉሮሮው ላይ በአንዴ ከተረጨ ትን ይለዋል። ሲያበቃ እጀታውን አውጥቶ ሁለቱንም በሳሙና ማጠብና ማድረቅ ነው።

ፕላስተሩ ግን የሚያገለግለው ለዚያ ልጅና ለዚያ ጠርሙስ ብቻ ነው። ፓራሲታሞል በጠብታ መልክ ሲመጣ በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም የያዘ አለ፤ በዚያው ምልክት ከተቀዳ 400 ሚሊ ግራም ይሆናል፣ ከታሰበው አራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። አሞክሳሲሊንም በ5 ሚሊ ሊትር 125 እና 250 ሚሊ ግራም የያዘ አለ። ስለዚህ ፕላስተሩ ላይ የመድኃኒቱን ስምና ጥንካሬ እጽፍበታለሁ፤ ሕክምናው ሲያልቅ ሲሪንጁ ይጣላል፣ አዲስ ጠርሙስ የሚወስድ ሰውም አዲስ ሲሪንጅ በአዲስ ፕላስተር ይዞ ይሄዳል።