ኬብሉ 8 አምፒር ይችላል፣ ፓምፑ ግን ላይነሳ ይችላል

ለራቅ ያለ የውሃ ፓምፕ መስመር እየዘረጋሁ ነው። ኬብል የመምረጡን ሥራ ስለጨረስኩ፣ ስሌቱንና በኋላ የለካሁትን እዚህ ላካፍላችሁ። ፓምፑ 1.1 ኪሎዋት ሲንግል ፌዝ ነው፣ ጉድጓድ ውስጥ የሚሰጥም። ሲሠራ ወደ 8 አምፒር ይስባል። ከቦርዱ እስከ ጉድጓዱ አፍ 220 ሜትር ነው። ከዚያ ወደ ታች ሌላ 40 ሜትር አለ፤ እሱ ከፓምፑ ጋር የመጣ 4 ስኩዌር ሚሊሜትር፣ ባጭሩ 4 ስኩዌር፣ ኬብል ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ኬብሉ ስንት አምፒር እንደሚችል የሚናገረውን ሰንጠረዥ ነው። በዚያ ከሄድን 2.5 ስኩዌር የመዳብ ኬብል 8 አምፒርን እንደ ቀልድ ይሸከማል። ሰንጠረዡ ግን የሚመልሰው ኬብሉ ይግላል ወይ የሚለውን ብቻ ነው። ጫፍ ላይ ስንት ቮልት ይደርሳል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። መስመሩ ሲረዝም ደግሞ ወሳኙ እሱ ይሆናል።

ስሌቱ ራሱ ቀላል ነው፦

```
ΔV = 2 × L × I × R
```

L ርቀቱ በሜትር፣ I አምፒሩ፣ R ደግሞ የአንድ ሜትር ሽቦ ኦም ነው። 2 የገባው ከረንቱ በፌዝ ሄዶ በኒውትራል ስለሚመለስ ነው። ስለዚህ የኔ 220 ሜትር ለስሌቱ 440 ሜትር ነው። ይህን 2 የረሳ ሰው ግማሹን ብቻ ያሰላል፤ ቁጥሩ ደግሞ ደስ የሚል ስለሚሆን አይጠረጥረውም።

የመዳብ ሽቦ በ20 ዲግሪ በኪሎ ሜትር ይህን ያህል ኦም አለው፦ 2.5 ስኩዌር 7.41፣ 4 ስኩዌር 4.61፣ 6 ስኩዌር 3.08፣ 10 ስኩዌር 1.83። ሽቦው ሲሞቅ ይጨምራል፤ 70 ዲግሪ ቢደርስ 20 በመቶ ገደማ። የኔ ከረንት ትንሽ ስለሆነ፣ ኬብሉም መሬት ውስጥ ስለተቀበረ ያን ያህል አይሞቅም። የ20 ዲግሪውን ይዤ ቀጠልኩ።

ጉድጓድ ውስጥ የሚወርደው 40 ሜትር ለብቻው 3 ቮልት ይበላል። እሱን ደምሬ ስቆጥር፣ በ8 አምፒር የሚጠፋው በ2.5 ስኩዌር 29 ቮልት፣ በ4 ስኩዌር 19፣ በ6 ስኩዌር 14፣ በ10 ስኩዌር 9 ቮልት ሆነ። የፓምፑ መመሪያ ከ230 ቮልት እስከ 10 በመቶ መውረድን ይፈቅዳል፤ ማለትም ከ207 በታች እንዳይሆን። እዚህ ላይ 4 እና 6 ስኩዌር ያለፉ ይመስላሉ። ቦርዱ ላይ ግን ሁልጊዜ 230 የለም። ማታ ማታ 220 ሲደርስ አይቻለሁ። ከ220 ላይ 14 ስንቀንስ 206 ነው፤ 6 ስኩዌር ለጥቂት ወደቀ።

ቮልቴጅ ሲወርድ ሞተሩ ከረንት የሚቀንስ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አምፖል ወይም ምድጃ ቢሆን ልክ ናቸው። ፓምፕ ግን ያንኑ ውሃ ወደዚያው ከፍታ መግፋት ስላለበት፣ ቮልቱ ሲያንስ አምፒሩን ይጨምራል። አምፒሩ ሲጨምር ኬብሉ ላይ የሚጠፋው ቮልት ይጨምራል፣ የሞተሩ ጥቅልልም ይሞቃል። ሞተሩን ከመጠን ካለፈ ከረንት የሚጠብቀው ኦቨርሎድ ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ ብቻ እየቆረጠ ጠዋት ደህና የሚሠራ ፓምፕ ካጋጠማችሁ፣ ፓምፑን ከመፍታታችሁ በፊት ቮልቱን እየሠራ ሳለ ለኩት።

ዋናው ፈተና ግን ማስነሳቱ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ከተለመደው አራት እጥፍ ገደማ ይስባል፣ ለኔ 32 አምፒር ማለት ነው። ሁሉም ነገር በአራት ይባዛል፦ በ2.5 ስኩዌር 116 ቮልት፣ በ4 ስኩዌር 77፣ በ6 ስኩዌር 55፣ በ10 ስኩዌር 38 ቮልት ይጠፋል። የማስነሻው ጉልበት ደግሞ የሚቀንሰው ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ ነው። ስለዚህ በ2.5 ስኩዌር ሞተሩ የሚያገኘው ጉልበት ሩብ ያህል፣ በ4 ስኩዌር 44 በመቶ፣ በ6 ስኩዌር 58 በመቶ፣ በ10 ስኩዌር 70 በመቶ ነው። ቮልቱ ሲወርድ የሚሳበው ከረንትም ትንሽ ስለሚቀንስ፣ እውነተኛው ከዚህ ይሻላል። እኔ የባሰውን ይዤ ነው ያሰላሁት።

ጉልበቱ ካልበቃ ፓምፑ "ምም" እያለ ይቆማል፣ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ኦቨርሎዱ ይቆርጠዋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ወደ ካፓሲተሩ ይላካል። ካፓሲተሩ አዲስ ሆኖም ድምፁ ያው ከሆነ፣ ኬብሉን ጠርጥሩ።

ሌላው ለ10 ስኩዌር ያደላሁበት ምክንያት ብሬከሩ ነው። ጫፍ ላይ ፌዝና ኒውትራል ቢገናኙ፣ ረጅሙ ኬብል ራሱ የሾርቱን ከረንት ያፍነዋል። በ2.5 ስኩዌር ቢሆን የሚፈሰው 63 አምፒር ገደማ ብቻ ነው። C16 ብሬከር በቅጽበት መቁረጡ የሚረጋገጠው ከ160 አምፒር ጀምሮ ነው። በ63 አምፒር እስኪቆርጥ ሴኮንዶች ያልፋሉ፣ ሽቦውም እስከዚያ ይግላል። በ6 ስኩዌር 133፣ በ10 ስኩዌር 196 አምፒር ይሆናል። ከቦርዱ በፊት ያለው መስመር ሲጨመር ይህ ቁጥር ይወርዳል፤ ስለዚህ ለብሬከር የመጨረሻው ቃል የሚሰጠው ጫፍ ላይ የሉፑን፣ ማለትም የሄዶ መላሹን መስመር፣ ኦም በመለካት ነው፣ በወረቀት ብቻ አይበቃም።

10 ስኩዌር ገባ። ፓምፑ ጠፍቶ ስለካ ቦርዱም ጉድጓዱ አፍም 229 ቮልት አሳዩ። ይሄ ልኬት ምንም አይነግርም። ከረንት ካልሄደ የሚጠፋ ቮልት የለም፣ የፀጉር ያህል በቀጠነ ሽቦም ቢሆን 229 ያነባል። ፓምፑ ሲሠራ ቦርዱ 226፣ ጉድጓዱ አፍ 219 ሆነ። ክላምፕ ሜትሩ 7.9 አምፒር አለ። ለ220 ሜትሩ ያሰላሁት 6.4 ነበር፣ የተለካው 7።

የቀረችዋን ግማሽ ቮልት ችላ ማለት ይቻል ነበር። ግን መሃል ላይ አንድ መገናኛ ሳጥን ስላለ ከፈትኩት። ፓምፑ እየሠራ መልቲ ሜትሩን በሚሊቮልት አድርጌ፣ በአንዱ ሽቦ መግቢያና መውጫ ላይ አስነካሁ። ኒውትራሉ 9 ሚሊቮልት፣ ፌዙ 310። ስምንት አምፒር ሲያልፍበት ይህ ብሎን ላይ ሁለት ዋት ተኩል ሙቀት አለ ማለት ነው፣ ያውም በአንዲት ነጥብ። መብራቱን ቆርጬ፣ ሽቦውን አጽድቼ፣ ፌሩል አድርጌ አጠበቅኩት። ከዚያ 11 ሚሊቮልት ሆነ። ይህን ልኬት የምትሞክሩ ከሆነ መስመሩ ሕያው ነው፤ ልምድ የሌለው እጅ አይግባበት።

ትሪ ፌዝ ያለው ሰው ግን ይህን ሁሉ ውፍረት አይፈልግም። ያው 1.1 ኪሎዋት በ400 ቮልት 3 አምፒር ገደማ ነው የሚስበው። በ220 ሜትር 2.5 ስኩዌር ላይ የሚጠፋው 8.5 ቮልት፣ ከ400 ላይ 2 በመቶ ብቻ ነው። እኔ ጋ ሲንግል ፌዝ ብቻ ስላለ አማራጩ አልነበረኝም። እናንተ ጋ ካለ፣ ኬብል ከመግዛታችሁ በፊት የሞተሩን ዓይነት አስቡበት፤ አራት ቀጫጭን ሽቦ ከሦስት ወፍራም ሽቦ ያነሰ መዳብ ይወስዳል።