ጅማ ያልሄድኩበት ደብዳቤ

የባንካችን ዲስትሪክት ሥራ አስኪያጅ ቢሮአቸው ጠርተው «እንኳን ደስ አለሽ፣ ጅማ ላይ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆነሻል» አሉኝ። «እሺ ጋሼ፣ ላስብበት» ብዬ ወጣሁ። ጥፋቴ ያቺ «እሺ» ነበረች። እኔ ለአክብሮት ያልኳትን እሳቸው «ተስማምታለች» ብለው ለሰው ሀብት ክፍል አስተላለፉ።

ማታ ከባለቤቴ ጋር ሒሳብ ሠራን። ጭማሪው 9,000 ብር ነው። ደመወዜ ድሮም ከ14,000 ብር በላይ ስለሆነ ከጭማሪው 35 በመቶው፣ ማለትም 3,150 ብር፣ ለግብር ይሄዳል። ጡረታው 7 በመቶ ሲሆን 630 ብር። እጄ የሚገባው 5,220 ብር ነው። ሁለተኛ ቤት ተከራይቼ እየተመላለስኩበት ምን ይተርፋል? ደግሞ ልጄ እዚህ አዲስ አበባ 8ኛ ክፍል ናት። የ8ኛ ክፍል ፈተናን እያንዳንዱ ክልልና ከተማ አስተዳደር ለየብቻው ያዘጋጃል። ወሩ ደግሞ ጥር ነው፣ ዓመቱ ተጋምሷል።

በማግስቱ «ባለብኝ የግል ችግር ምክንያት ለመሄድ የምቸገር መሆኑን እገልጻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ አንብበው «ችግሩ የቤት ኪራይ ከሆነ አበል እንጠይቅልሻለን» አሉኝ። እምቢታዬን እንደ ልመና አነበቡት። እውነታቸውን ነው፣ «የምቸገር» ማለት «አልሄድም» ማለት አይደለም።

ዓርብ ከሰዓት የሰው ሀብት ክፍል ባልደረባዬ ደወለችልኝ። «የምደባ ደብዳቤሽ ሰኞ ይፈረማል። ከተፈረመ በኋላ ብትቀሪ ዕድገት ተወች አይባልም፣ ምደባ አልቀበልም አለች ነው የሚባለው።» ላብ አጠመቀኝ። ወዲያው ተቀምጬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ጉዳዩ፦ የደረጃ ዕድገቱን አለመቀበሌን ስለማሳወቅ

ለጅማ ቅርንጫፍ ስለታጨሁ አመሰግናለሁ። ሆኖም ልጄ በዚህ ዓመት የ8ኛ ክፍል ፈተና በአዲስ አበባ ስለምትወስድ ዕድገቱን አልቀበልም። ይህ በአበል ወይም በደመወዝ ማስተካከያ የሚለወጥ አይደለም። ቀደም ሲል በቃል "እሺ" ማለቴ እንደ ስምምነት እንዳይያዝ እጠይቃለሁ። አሁን ባለሁበት መደብ እቀጥላለሁ። ከሰኔ በኋላ ከአዲስ አበባ ውጭ ለሚኖር ክፍት ቦታ ብታሰብ ፈቃደኛ ነኝ።»

ግልባጩን ለሰው ሀብት አደረግኩ። መዝገብ ቤት ቁጥር አሰጥቼ፣ በእኔ ቅጂ ላይ ማህተም አስመትቼ ወጣሁ። ሊዘጉ አምስት ደቂቃ ሲቀራቸው ነው የደረስኩት።

ሰኞ ጋሼ ጠሩኝ። ቅር ብሏቸዋል፣ አልደበቁኝም። «መጀመሪያውኑ እንዲህ ብለሽ ብትጽፊ እኔም ዋና መሥሪያ ቤት ላይ ቃሌን አላጥፍም ነበር» አሉ። ይህቺ አመመችኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ጅማ ሌላ ባልደረባ ተመደበ።

የሰኔዋን ዓረፍተ ነገር ለጨዋነት የጨመርኳት መስሎኝ ነበር። ጋሼ ግን አልረሷትም። ሐምሌ ላይ ደብዳቤዬን ከፋይል አውጥተው፣ በእስክሪብቶ አስምረውባት ጠበቁኝ። አሁን ነቀምት ነበር።