ልጄ የአራዳ ቋንቋ አታውቅም

ሐዋሳን ለቅቄ የወጣሁት በ1999 ዓ.ም. ነው። አሁን የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ክረምት ልጄን ይዤ አገር ቤት ስገባ ከአጎቴ ጋር ስለ ልጆች አነጋገር ብዙ ተከራከርን። ክርክሩ ከውስጤ ስላልወጣ ነው የምጽፈው።

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ አማርኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። «የዛሬ ልጆች ቋንቋውን ገደሉት» ይላሉ፤ ሲሉም ከልባቸው አዝነው ነው። አንድ ቀን ቡና ላይ ተቀምጠን የእህቴ ልጅ ስልክ ጮኸ። «ጀለስ፣ ላሽ በላቸው፣ አሥር ሰዓት ላይ ከች እላለሁ» ብሎ ዘጋው። አጎቴ ፊታቸው ተቀየረ። ልጁ ግን ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሲኒያቸውን በሁለት እጁ ተቀበለና «ጋሼ፣ ሁለተኛውን ልቅዳልዎት?» አላቸው። የትኛው አነጋገር ለማን እንደሚገባ ጠንቅቆ ያውቃል። እሳቸው የሰሙት ግን የፊተኛውን ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ቃል ከየት እንደሚያገኝ ጠየቅኩት። አንዳንዱ አዲስ አበባ ከሚማር የጓደኛው ወንድም፣ አንዳንዱ ከባጃጅ ሾፌሮች፣ አሁን አሁን ደግሞ አብዛኛው ከቲክቶክ ነው። በእኛ ጊዜ መናኸሪያውና ዩኒቨርሲቲው ነበሩ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ተማሪ የሰፈሩን ቃል ይዞ ይገባል፣ ለእረፍት ሲሄድ የሐዋሳን ይዞ ይወጣል። አዲስ አነጋገር ብዙ ጊዜ ከትልቅ ከተማ ወደ ሌላ ትልቅ ከተማ ይዘላል፤ መሀል ላይ ያሉት ትናንሽ ከተሞች ዘግይተው ነው የሚሰሙት። ልጆቹ ቃሉን የሚወዱት የእነሱ ስለሆነ ነው። «ከእኛ ወገን ነህ» ይባባሉበታል። እናትና አባት መናገር ሲጀምሩ ይተዉትና ሌላ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ትልቅ ሰው ሲሰማው የተገፋ ቢመስለው አልተሳሳተም፤ ቃሉ የተፈጠረው እሱ እንዳይገባው ጭምር ነው።

ግን መገፋት አንድ ነገር ነው፣ የቋንቋ መበላሸት ሌላ። አጎቴን ያስጨነቁ ቃላት እንዴት እንደተሠሩ እንይ። «ከች አለ»፣ «ላሽ አለ»፣ «ፈታ አለ» የተሠሩት «ብድግ አለ»፣ «ዝም አለ»፣ «ቁጭ አለ» በተሠሩበት በዚያው መንገድ ነው። «ፎገረ»ን ውሰዱ፦ ይፎግራል፣ ተፎገርኩ፣ ፎጋሪ፣ አትፎግሪኝ። ማንም መምህር ያላስተማረው ልጅ ግሱን አንዲት ፊደል ሳያዛንፍ ያረባዋል። ቃሉ አዲስ ነው፣ ሰዋስዉ ግን አጎቴ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉት የኖሩት ነው።

አጎቴን ስለ «ፋራ» ጠየቅኳቸው። በልጅነቴ ይህን ቃል ቤት ውስጥ ከተናገርኩ ይቆጡኝ ነበር። ዛሬ እሳቸው ራሳቸው ዜና እያዩ «ምን ያለው ፋራ ነው!» ይላሉ። ከዘመናችን ቃላት የጠፉት ስለተረሱ ማንም አያነሳቸውም፣ የተረፉት ደግሞ ተለምደው ንጹሕ አማርኛ መስለዋል። ወደኋላ ዞሮ የሚያይ ሰው የድሮው ሁሉ ጥሩ ነበር የሚለው ለዚህ ይመስለኛል። አሜሪካዊው የቋንቋ ተመራማሪ ዊልያም ላቦቭም ወጣቶች ከእኛ ይልቅ አሳምረው ይናገራሉ የሚል ትልቅ ሰው እንደማይገኝ ጽፏል።

አንድ ነገር ላይ ግን ከአጎቴ ጋር እስማማለሁ። ከአራዳ ቋንቋ በቀር ሌላ አነጋገር የሌለው ልጅ ፈተና ላይም ሽማግሌ ፊትም ይቸገራል። የእህቴ ልጅ እንዲህ አይደለም። ሰው መመዘን ያለበት ሲያስፈልገው መቀየር ይችላል ወይ በሚለው ነው፤ ስልክ ላይ በሰማነው አንድ ዓረፍተ ነገር መሆን የለበትም።

ቋንቋ ሲሞት ምን እንደሚመስል እኔ ቤቴ ውስጥ አይቻለሁ። አሜሪካ የተወለደችው ልጄ አንድም የአራዳ ቃል አታውቅም። አማርኛዋ ከእኔ፣ ከአባቷና ከቤተ ክርስቲያን ብቻ የተቀዳ ስለሆነ ስድብም ቀልድም የለበትም። ግን «አያቴ መጣ» ትላለች፣ ሴት አያቷን ማለቷ ነው። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። እኩዮቿ በአማርኛ ስለማይቀልዱ፣ ስለማይጣሉ፣ ከትልቅ ሰው የሚደብቁት ነገር ስለሌላቸው አዲስ ቃል የሚፈጥርላት የለም። አጎቴ ሲሰሟት «ምን ያለች ጨዋ ልጅ» አሉ። እኔ ግን የፈራሁት ለእሷ ነው፤ ለእህቴ ልጅ ሰግቼ አላውቅም።

ሐዋሳ በቆየንበት ጊዜ ከአክስቷ ልጅና ከጓደኞቹ ጋር ሐይቁ ዳር ስትውል ሰነበተች። ከተመለስን በኋላም የድምፅ መልእክት ይላላካሉ፤ ልጁ እንዲያስተምራት አደራ ያልኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ስለ ክፍሏ ንጽሕና ስቆጣት ቀና ብላ «እማ፣ ፈታ በይ!» አለችኝ። «በል» አላለችም፣ «በይ» ነው ያለችው። ለአጎቴ ስልክ ደውዬ ነገርኳቸው። «ፈታ በይ» የሚለውን አልወደዱትም፤ ግሱን ግን አስደግመውኝ ሰሙት።