የራሰው ድንጋይ ለምን ላስቲክ መሰለ

ቢሯችን ውስጥ የማቴሪያል ገለጻ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሬንደሩን፣ ማለትም የሕንፃውን የኮምፒውተር ሥዕል፣ የሚሠራው ልጅ ከቤቱ ስለሚሠራ ሳይት ረግጦ አያውቅም፤ ግድግዳው ምን እንደሆነ፣ ወንበሩ ምን እንደለበሰ የሚያውቀው ከምጽፍለት ነው። አለቃችን ግን ይህን እንደ ሥራ አይቆጥሩትም። «የማቴሪያሉ ስም ካለ ሌላው ድርሰት ነው» ይላሉ።

የእንግዳ ማረፊያው ግቢ ሲመጣ እኔ ሌላ ፕሮጀክት ላይ ስለነበርኩ ገለጻውን ራሳቸው ጻፉት። ደንበኛው ግቢው ከዝናብ በኋላ እንዲታይለት ፈልጓል፤ ወለሉ በእጅ የተጠረበ የአምቦ ድንጋይ ነው። የአለቃችን ገለጻ ይቺ ነበረች፦ «እርጥብ የድንጋይ ወለል፣ የሚያብረቀርቅ፣ ተፈጥሯዊ፣ ማራኪ»።

ሥዕሉ ደርሶ ስክሪን ላይ ሲወጣ የደንበኛው ኢንጂነር ትንሽ ዝም አሉና «ላስቲክ አንጥፋችሁበት ነው?» አሉ።

አለቃችን ወዲያው ወደ ልጁ ዞሩ። እሱ እዚያ የለም፤ መከላከል አይችልም። «ልጁ ገና ነው፣ አልበሰለም» አሉና የድንጋዩን ገጽ ምስል፣ ቴክስቸሩን፣ ከ4K ወደ 8K እንዲያሳድግ አዘዙት። የልጁ ኮምፒውተር ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት አደረ። ጠዋት የመጣው ያው ላስቲክ ነው፣ ጥራቱ የጨመረ ላስቲክ።

ፋይሉን ከፈትኩት። ልጁ የታዘዘውን ነው የሠራው። «የሚያብረቀርቅ» ስለተባለ የሸካራነቱን ልክ፣ Roughness የሚለውን፣ ለወለሉ በሙሉ 0.1 አድርጎታል። ቀለሙ፣ Base Color የሚባለው፣ ደረቅ ድንጋይ ላይ የነበረው ፈዛዛ ቢጫ እንደሆነ ቀርቷል። ስለዚህ የመሮው ምልክት ጥሎት የሄደው እያንዳንዱ ጉብታ አናቱ ላይ የራሱ ነጭ ነጥብ አብርቶ ተቀምጧል። ውኃ እንዲህ አያደርግም። ቫርኒሽ ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ ጉብታውን ተከትሎ በስሱ ይለበጣል፣ ያበራል።

በምሳ ሰዓት ሳይት ሄድኩ። ከተረፈው ድንጋይ አንዱን ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ከሃይላንዴ ግማሹን ውኃ አፈሰስኩበትና ቁጭ ብዬ አየሁ። ግንበኛው አዛውንት «ልጄ፣ ሊበቅልልህ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ስነግራቸው ግን ቁም ነገር ሆነባቸው። «አይ፣ ይሄ መጀመሪያ ይጠጣል፤ የሚያበራው ሲጠግብ ነው» አሉኝ።

ፊዚክሱም የሚለው ይህንኑ ነው። ደረቅ የአሸዋ ድንጋይ ቀዳዳዎቹ አየር ናቸው። ብርሃን ከቅንጣት ወደ አየር፣ ከአየር ወደ ቅንጣት ሲሻገር በየድንበሩ እየተሰበረ ብዙው ወደ ዓይናችን ይመለሳል፤ ድንጋዩ የሚነጣው ለዚህ ነው። ውኃ ቀዳዳውን ሲሞላ የብርሃን መስበሪያ ልኩ 1.33 ስለሆነ ከአየሩ 1 ይልቅ ወደ ድንጋዩ ይጠጋል። ድንበሩ ይለዝባል፤ ብርሃኑ ከመመለስ ይልቅ ወደ ውስጥ ይዘልቅና እዚያው ይዋጣል። ስለዚህ ይጠቁራል። ማብራት ሌላ ነገር ነው፤ ቀዳዳው ሞልቶ የተረፈው ውኃ ከላይ ሲተኛ የሚመጣ። በሁለቱ መካከል ደግሞ ጠቁሮም የማያበራ ሰፊ ቦታ አለ። ሥዕሉ ላይ ጨርሶ የጠፋው እሱ ነው። (የተወለወለ ግራናይት ላይ ይህን አትፈልጉ፤ የሚጠጣበት ቀዳዳ ስለሌለው እምብዛም አይጠቁርም። ተልባ ጨርቅ ግን ይጠቁራል፤ ሸሚዝ ላይ ውኃ ያንጠባጠበ ያውቀዋል።)

ሁለተኛው ያየሁት ነገር፣ ውኃ የተኛበት ጎድጓዳ ላይ የመሮው ምልክት ለዓይን ይጠፋል። የሚያበራው የውኃው ፊት ነው፤ እሱ ደግሞ ዝርግ ነው። ከፍ ያለው ጠርዝ ቀድሞ ይደርቅና ይነጣል፤ መገጣጠሚያው ከሁሉም በኋላ ይደርቃል።

ቢሮ ተመልሼ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ዝናቡ ካቆመ ቆይቷል። ድንጋዩ ደረቅ ሲሆን ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ የራሰው ቦታ ወደ ቡናማ ጠቁሯል፣ ግን አያበራም። ሰማዩን የሚመልሰው ውኃ የተኛበት ጎድጓዳ ብቻ ነው፤ እዚያ የመሮ ምልክት አይታይም። ጠርዞቹ ደርቀው ነጥተዋል፣ መገጣጠሚያው እንደጠቆረ ነው። በረንዳው ሥር ያለው ጨርሶ አልራሰም።»

አለቃችን አነበቡት። ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ጣታቸውን አንድ ቃል ላይ አሳርፈው፦

«‹አያበራም› ብለህ ትጽፋለህ?»

«አዎ፣ አያበራምና።»

«ደንበኛ የማያበራ ነገር ይገዛል?»

«የሚያበራውንማ አይተው ላስቲክ ነው አሉ።»

«እሱ የልጁ ጥፋት ነው።»

«ልጁ የተጻፈለትን ነው የሠራው።»

እዚህ ላይ ዝም አሉ። እኔም ማን እንደጻፈው አላነሳሁም፤ ገለጻው ግርጌ ላይ ስማቸው አለ። በመጨረሻ «እሺ ይላክ፤ ግን ‹ማራኪ› የምትለዋን ጨምርባት» አሉ። ጨመርኩላቸው። ልጁ ለ«ማራኪ» ምን ቁጥር እንደሚሰጥ እስካሁን አልጠየቅኩትም።

ልጁ ሥራውን በሦስት ከፈለው። ለደረቁ Roughness 0.8 አካባቢ፤ ለራሰው ቀለሙን አጥቁሮ 0.6፤ ውኃ ለተኛበት ወደ 0 አውርዶ የብርሃን መስበሪያ ልኩን፣ IOR የሚባለውን፣ 1.33 አድርጎ የጉብታውንም ማፕ እዚያ ላይ አጠፋው። ቴክስቸሩን ወደ 4K መለሰው። ኢንጂነሩ ሥዕሉን ሲያዩ ምንም አላሉም፤ ዝም ብለው ስለ በሩ ስፋት መጠየቅ ጀመሩ። በእኛ ሥራ ይህ ጭብጨባ ነው።

ከዚያ በኋላ አለቃችን ገለጻ ይተዋሉ ብዬ ነበር። በሳምንቱ ለሊፍቱ በር «ብሩሽድ ስቲል፣ ፕሪሚየም» የሚል መጣ። ጭረቱ ወደየት ነው? ይህ ካልተጻፈ ሥዕሉ ግራጫ ቀለም የተቀባ በር ይሆናል፤ ምክንያቱም መብራቱ ከጭረቱ አቅጣጫ ተሻግሮ ነው የሚለጠጠው። ጭረቱ ከላይ ወደ ታች ከሆነ የአምፖሉ ነጸብራቅ ወደ ጎን ይዘረጋል። ማረጋገጥ የፈለገ የማይዝግ ድስት ክዳን ላይ ክብ ክብ የሆነውን ጭረት አምፖል ሥር ያዙረው፤ ብርሃኑ ከመሃል እንደ ሁለት ክንፍ ተዘርግቶ ከክዳኑ ጋር ሳይዞር ባለበት ይቆማል። ይህንን ጽፌ ሰጠኋቸው፤ «ድስት አታስገባ» ብለው ሰረዙት። ለአሮጌው የቆዳ ወንበርም «የተሰነጣጠቀ» ብቻ ብለው ልከው ስንጥቁ እንደ ደረቀ ጭቃ ወንበሩን አለበሰው። ቆዳ የሚሰነጠቀው የሚታጠፍበት ላይ ነው፤ እጅ የሚያርፍበት ይወለወላል እንጂ። እሱንም እኔ አስተካከልኩት።

ግቢው ተጠናቀቀና ለምርቃቱ ተጠራን። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ጠብታ ዝናብ የለም፤ ወለሉ ግን ከዳር እስከ ዳር ያብረቀርቃል። ባለቤቱ ድንጋዩ ሁሌም የራሰ እንዲመስል ፈልገው ሁለት እጅ ቫርኒሽ አስቀብተውታል። እያንዳንዷ ጉብታ አናቷ ላይ ነጭ ነጥቧን ይዛለች።

አለቃችን በስልካቸው ፎቶ አነሱትና ከመጀመሪያው ሬንደር ጎን አድርገው የቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፉት። «አላልኳችሁም?» ብለው ጻፉበት። ከሁላችንም ቀድሞ አውራ ጣት ያደረገበት ልጁ ነው።